ሚዛኑ 6 ኪሎ፣ ሂሳቡ 16 ኪሎ

«ጀርመን ላለችው እህቴ ሁለት ጋቢ፣ ቀሚስና ትንሽ በርበሬ ልልክ ሄጄ ነበር። ሚዛኑ 6 ኪሎ ከምናምን ነው ያሳየው። ካርቶኑ 50 በ40 በ40 ነው። በ16 ኪሎ ሂሳብ ክፈዪ አሉኝ። እየበሉኝ ነው?»

እህቴ፣ አልበሉሽም። ያስከፈሉሽ ካርቶኑ የያዘውን ቦታ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች የሚዛኑን ኪሎና የቦታውን ኪሎ አይተው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። የቦታው ኪሎ የሚገኘው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሳንቲሜትር አባዝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 በማካፈል ነው፦

50 × 40 × 40 ÷ 5000 = 16

እኔም ለወንድሜ ጋቢ ስልክ እንዲሁ ደንግጫለሁ። ከሰፈር ሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኜ፣ ክፍተቱን በጋዜጣ ጠቅጥቄ ነበር የሄድኩት። ለካ ለጋዜጣው ቦታ ልከፍል ነው! ዋጋውን ስሰማ እቃዬን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ጋቢዎቹን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አየሩ ሲወጣ አፉን በፕላስተር አሸግኩ። አሁን 40 በ30 በ25 ካርቶን በቃው፤ ይህ 6 ኪሎ ነው። እቃው በሚዛን 6.2 ነበር። ወደ ላይኛው ግማሽ ኪሎ ስለሚጠጋ 6.5 እከፍላለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሳየው የካርቶኑ ሆድ አብጧል። ጋቢው በሌሊት አየር ስቦ ተነፍቷል። ሠራተኛው ሜትሩን የዘረጋው እብጠቱ ላይ ነው፤ 25 የነበረው ቁመት 29 ሆነ። ሂሳቡም 6.96፣ ማለትም 7 ኪሎ። ከዚያ ወዲህ ጋቢን ከላስቲኩ ውጪ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ ሳላስር ካርቶን ውስጥ አልከትም። ልኩን ደግሞ እዚያው ቆሜ አያለሁ። መንገድ ላይ በማሽን እንደገና ስለሚለካ፣ ትንሽ ልክ አስጽፎ ማምለጥ አይቻልም።

አንቺ ጊዜ ካለሽ የአየር ካርጎ ቢሮም ጠይቂ። እዚያ የተለመደው ለ6000 ማካፈል ነው፤ ያው ካርቶንሽ 13.3 ኪሎ ይሆናል። ግን ተቀባይዋ እቃውን ከኤርፖርት ራሷ ማውጣት ሊኖርባት ይችላል፤ እሱን አስቀድመሽ አጣሪ።

አደራ፣ መሶብ የምትልኪ ከሆነ ባዶውን እንዳትልኪው። መሶብ አይታጠፍም፣ ክብ ቢሆንም የሚለካው እንደ አራት ማዕዘን ካርቶን ነው። 45 በ45 በ50 የሚይዝ መሶብ ራሱ 3 ኪሎ ቢመዝን እንኳ የምትከፍዪው የ20.5 ነው። ስለዚህ በርበሬውን፣ ሽሮውን ሆዱ ውስጥ ጨምሪው። ጠቅላላው 20.5 ኪሎ እስኪያልፍ ድረስ የማጓጓዣው ሂሳብ አይጨምርም። የያዘውን ምግብ ቅጹ ላይ በትክክል ጻፊ። ቅቤ ግን ወደ ጀርመን አትሞክሪ፣ ጉምሩክ ያስቀረዋል።