ልጓሙን የሚይዘው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ከሠረገላ ዘመን አንሥቶ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ጦር ሜዳን የገዛ ፈረሰኛ በመትረየስ እንዴት ሊጠፋ ቻለ? የእኛ የወሎ ፈረሰኛስ በዓድዋ ጠመንጃና መድፍ በያዘ ጦር ላይ እንዴት ሊሠለጥን ቻለ?»

ያደግሁት ወረኢሉ አካባቢ ፈረስ በማይታጣበት ቤት ነው፤ ከዚያም ደሴ ላይ ለብዙ ዓመታት ታሪክ አስተምሬአለሁ። የምመልሰው ግን ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በጥምቀት ማግስት በጉግስ ሜዳ ላይ ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከኋላዬ የሚያሳድደኝ ፈረሰኛ ዘንጉን ሲወረውር ጋሻዬን በግራ እጄ ወደ ጀርባዬ አዞርሁ፤ በቀኝ እጄ ደግሞ የራሴን ዘንግ ስለያዝሁ ልጓሙን የያዘ እጅ አልነበረኝም። ፈረሱ ይህን ወዲያው ዐወቀ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ዘለለ ወደ ግራ ታጠፈና ሜዳውን ትቶ ተመልካቹ ወደ ቆመበት አመራ፤ ሴቶች እየጮኹ ተበተኑ፤ እኔም በአንገቱ ላይ ተደፋሁ። አጎቴ ፈረሱን ይዞ ካረጋጋው በኋላ ሳይቈጣ፣ «አብሽር፤ ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፣ የጉልበትህ ነው። ፈረስ በጉልበትና በጭን ካልተያዘ፣ እጅህ ባዶ ሲሆን የራሱ ጌታ ይሆናል» አለኝ። ይህን ነገር በትክክል የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ አሦር ፈረሰኞች ሳነብ ነው።

ሰው በፈረስ ኃይል መዋጋት በጀመረበት ዘመን ፈረሱ ላይ ተቀምጦ አልነበረም፤ ሠረገላ አስጎትቶ ነበር እንጂ። ምክንያቱ የእጅ እጥረት ነው። ቀስት ለመሳብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ፈረስ ለመንዳትም ቢያንስ አንድ እጅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ለሁለት ሰው ተከፈለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1274 ገደማ ግብፃውያንና ኬጢያውያን በቃዴስ ሲገጥሙ፣ በግብፆቹ ሠረገላ ላይ ነጂውና ቀስተኛው ሁለት ሆነው ይቆሙ ነበር፤ ኬጢያውያኑ ጋሻ የሚይዝ ሦስተኛ ሰው ጨመሩበት። ሠረገላ ግን ድንጋይና ገደል አይወድም። በወረኢሉና በጃማ መካከል ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው ሠረገላ እዚያ ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል መገመት አያቅተውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የሚያስደንቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ አሹርናሲርፓል በኒምሩድ ቤተ መንግሥቱ ባስቀረጻቸው የድንጋይ ሥዕሎች ላይ ፈረሰኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋልባሉ፤ አንደኛው ቀስት ሲስብ ሁለተኛው ከጎኑ እየጋለበ የሁለቱንም ፈረሶች ልጓም ይይዛል። ሠረገላው ቀርቶ ነጂው ያልቀረበት ጊዜ ማለት ነው! አሦሮች ከፈረስ ጀርባ ላይ ቢወጡም ፈረስን በጭን መያዝ ገና አልተማሩም ነበር፤ እኔም በዚያ ጥምቀት የደረሰብኝ ይኸው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በተቀረጹት ሥዕሎች ላይ ግን እያንዳንዱ ፈረሰኛ ብቻውን ይጋልባል፤ ብቻውን ይወረውራል። እርካብ ገና አልነበረም፤ ይህ ሁሉ የጉልበትና የሚዛን ሥራ ነው።

አንድ ሰው ልጓሙን ለቅቆ መተኮስ ከቻለ በኋላ እግረኛው ሊደርስበት አልቻለም። ይህ በግልጽ የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ካራይ በተባለው ሜዳ ላይ ነው። የሮማው ክራሱስ ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ የጳርቴ ሰዎችን ገጠመ፤ በፊቱ የቆመው ሱሬና የያዘው ግን 10,000 ያህል ፈረሰኛ ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹም ቀስተኞች ነበሩ። ሮማውያን በአራት ማዕዘን ተሰልፈው ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ቆሙ፤ ፈረሰኞቹ ደግሞ ዙሪያቸውን እየጋለቡ ይወረውራሉ፣ ሮማውያን ወደ ፊት ሲሮጡ እነሱ እየሸሹ ወደ ኋላ ዞረው ይወረውራሉ። ሮማውያን የነበራቸው አንድ ተስፋ ፍላጻው ያልቅ ይሆናል የሚል ነበር። ስሌቱ ስሕተት አልነበረም፤ አንድ ቀስተኛ በኮሮጆው የሚይዘው ፍላጻ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነውና። ነገር ግን ሱሬና አንድ ሺህ ግመል ፍላጻ ጭኖ ከኋላ አቁሞ ስለነበር ቀስተኛው ሲጨርስ ሄዶ ኮሮጆውን ሞልቶ ይመለሳል። የክራሱስ ልጅ ፑብሊዩስ ፈረሰኞቹን ይዞ ሊያባርራቸው ቢወጣ ከዋናው ጦር ርቆ ተከበበና ሞተ፤ ራሱ በጦር ጫፍ ተሰክቶ ለአባቱ ታየ። በዚያ ዘመቻ 20,000 ያህል ሮማውያን ሞቱ፤ 10,000 ያህሉም ተማረኩ። የፈረሰኛ ቀስተኛ የበላይነት ከዚህ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል፤ ሞንጎሎቹም የተጠቀሙበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መትረየሱ እንምጣ። ብዙ ሰው መትረየስ ፈረሰኛን ያጠፋው በተኩስ ብዛት ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ነገሩን በሴኮንድ መቍጠር የበለጠ ያስረዳል እላለሁ። ባለፈው ዓመት ከወንድሜ ልጅ ጋር ወረኢሉ ሜዳ ላይ 400 ሜትር ለክተን የቤታችንን ፈረስ በስልኩ ሰዓት እየለካን ሽምጥ አስጋለብነው፤ ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ፈጀ። ፈረሱ ትንሽ ነው፣ ሜዳውም ጥቂት ዳገት አለው፤ በሴኮንድ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ሜትር ብንል ግን ከእውነቱ አንርቅም። በአፈ ሙዝ የሚጎርስ የድሮ ነፍጥ በደንብ የሚመታው ከመቶ ሜትር ወዲህ ነበር፤ ፈረሰኛው ያንን ርቀት በዐሥር ሴኮንድ ስለሚጨርሰው ነፍጠኛው አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና ሳይጎርስ ፈረሱ ይደርስበታል። እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1884 የተፈለሰፈው የማክሲም መትረየስ ግን በደቂቃ 500 ጥይት ያህል ይተፋል፤ ከ600 ሜትር ጀምሮ ቢተኩስ፣ ፈረሰኛው እስኪደርስ በሚፈጀው ከሃምሳ ሴኮንድ በላይ ጊዜ ውስጥ 250 ጥይት የሚይዘውን ዝናር አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ለመጨረስ ይቃረባል። የሚተኮስበት ነገር ደግሞ ከእግረኛ እጅግ የሚበልጥ፣ መተኛትም ሆነ ድንጋይ ተንተርሶ መደበቅ የማይችል አካል ነው። የፊተኛው ፈረስ ሲወድቅም የኋላውን ያደናቅፋል።

ጭሱንም አትርሱ። የጥቁር ባሩድ ጭስ ራሱ ለፈረሰኛ መሸፈኛ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1870 ማርስ ላ ቱር ላይ የፕሩሲያው ፎን ብሬዶቭ 800 ያህል ፈረሰኞች ይዞ በሸለቆና በጭስ ተከልሎ የፈረንሳይን መድፈኞች ደርሶባቸዋል፤ ሆኖም ግማሽ ያህል ሰዎቹን አጥቷል። ጭስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ ያ መከለያ ቀረ። የእሾህ ሽቦ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ የግራር እሾህ አጥር ፊት ፈረስን ያቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፈረስ ጥይቱን ባይረዳም እሾሁን አሳምሮ ይረዳል፤ ቢገርፉትም አይገባበትም።

ይህ ማለት ግን መትረየስ ባለበት ሁሉ ፈረሰኛ ተሸንፏል ማለት አይደለም፤ ስሌቱ የሚፈርስበትን አንድ ቀን ብቻ ላንሣ። ጥቅምት 31 ቀን 1917 እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር፣ ወደ ምሽት ላይ፣ 800 ያህል የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ቤርሳቤህ ያለውን የቱርክ ምሽግ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ገላጣ ሜዳ አቋርጠው ወረሩት። ሰይፍ አልነበራቸውም፤ የጠመንጃቸውን ሳንጃ በእጃቸው ይዘው ነበር። ፈረሶቹም ከአንድ ቀን በላይ ውኃ አልቀመሱም፤ የከተማው ጕድጓዶች ከምሽጉ በስተጀርባ ነበሩ። በሶምሶማ ተነሡ፤ ከዚያም ሽምጥ ጋለቡ፤ ከጎን የሚተኩሱባቸውን መትረየሶች የራሳቸው ወገን መድፍ ዝም አሰኘላቸው። ከምሽጉ ፊት የእሾህ ሽቦ አልነበረም። ቱርኮቹም የጠመንጃቸውን ማነጣጠሪያ ለሩቅ ርቀት አስተካክለውት ነበርና፣ ፈረሰኞቹ በፍጥነት ሲቀርቡ ዝቅ ሳያደርጉት ስለቀሩ ጥይቱ ከፈረሰኞቹ ራስ በላይ ያልፍ ነበር። የሞቱት 31 ብቻ ናቸው። ሽቦው ቢኖር ወይም መድፉ ባይኖር የዚያ ምሽት ወሬ ሌላ ይሆን ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የጥንቱ የእጅ ጉዳይ ተመልሶ መምጣቱን ማስተዋል ይገባል። ጠመንጃ በሽምጥ ላይ ሆነው ቢተኩሱት ስለማይመታ፣ የኋለኛው ዘመን ፈረሰኛ ከፈረሱ ወርዶ ይዋጋ ነበር፤ ሲወርድም ከአራት ሰው አንዱ የአራቱንም ፈረሶች ልጓም ይዞ ከኋላ ይቀራል። አንድ መቶ ሰው ቢመጣ የሚተኩሰው ሰባ አምስት ነው። አሦሮች ከጥንዱ አንዱን ለልጓም እንደ ሰጡ ሁሉ እነዚህም ከአራት አንዱን ሰጡ። አጎቴ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እያለ የሚተርተው ነገር ለዚህ ዘመን ፈረሰኛ በትክክል ይሠራል፤ ለካራይ ግን አይሠራም።

ስለ ዓድዋ ለጠየቁት፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አብዛኛው የኢትዮጵያ ጦር የተዋጋው በእግሩና በጠመንጃ ነው። የራስ ሚካኤል፣ የአባ ሻንቆ፣ ፈረሰኛ ስሙ የሚነሣው በጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ ነው፤ ይህ ብርጌድ ከሌሎቹ የኢጣልያ ጦሮች ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ወደሚባለው ጠባብ ሸለቆ ገብቶ ነበር። እኔ እንደምረዳው ፈረሰኛው የበረታው የጠላት ጠመንጃ ስለማይሠራ አልነበረም፤ ከላይ የቈጠርናቸው ሴኮንዶች ለጠላት ስላልተረፉት ነው። ተሰልፎ የቆመ እግረኛ በሜዳ ላይ ስድስት መቶ ሜትር ያያል፤ በሸለቆ ውስጥ የሚያፈገፍግ፣ ረድፉ የተበተነና ከየት በኩል እንደሚመጡበት የማያውቅ እግረኛ ግን ፈረሱን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ያ ብርጌድ ጠዋት በረድፉ ቆሞ ሳለ ያው ፈረሰኛ በገላጣ ሜዳ ፊት ለፊት ቢመጣበት ኖሮ እኔ በፈረሰኛው አልወራረድም ነበር። ዳቦርሚዳ ራሱም ከዚያ ሸለቆ አልወጣም።