ከኢሜይል በፊት የሚላክ የሊንክድኢን ማስታወሻ

«ለማላውቀው ሰው የሥራ ሐሳቤን በኢሜይል ከመላኬ በፊት ሊንክድኢን ላይ የግንኙነት ጥያቄ ልልክለት ነው። ማስታወሻው ላይ ስለምሸጠው ነገር ልጥቀስ ወይስ ልተወው?»

ይተዉት። ማስታወሻው ጥያቄውን እንዲቀበልዎ ብቻ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሰውየው ራሱ ከጻፈው ወይም ከሠራው አንድ ነገር ለይተው ይጥቀሱና ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚገናኝበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ መጋዘን ቆጠራ የጻፉትን አነበብኩ፤ ጉድለቱ የሚጀምረው ርክክብ ላይ ነው ያሉት እኔንም ገጥሞኛል። በዚሁ ሙያ ላይ ስላለሁ ጽሑፎችዎን ብከታተል ደስ ይለኛል።»

ይህ በነፃ አካውንት ከሚፈቀደው 200 ፊደል በታች ነው። ጥያቄውን ሲቀበልዎ በዚያው ሰዓት ኢሜይል አይላኩ፤ ማስታወሻው ማጥመጃ ይመስልበታል። ጥቂት ቀናት ቆይተው ሲጽፉ ግን የኢሜይሉ መነሻ ያው የርክክብ ጉዳይ ይሁን፤ ስምዎን ቢረሳው እንኳ ነገሩን ያስታውሰዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጥያቄውን ከስም ዝርዝር ላይ ሳይሆን ከሰውየው ገጽ ገብተው ይላኩ፤ ከዝርዝሩ ላይ ሲነኩት ያለ ማስታወሻ ሊሄድ ይችላል። እኔ እንዲህ ባዶውን ያመለጠኝን ጥያቄ አስተካክዬ ልልክ ብዬ ብሰርዘው፣ ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ 3 ሳምንት መጠበቅ እንዳለብኝ ያወቅሁት ከሰረዝኩት በኋላ ነው።