ለጥየቃ የመጣች እናት ታማ የሆስፒታል ቢል ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ ከሮማን ጋር

ቤቲ፦ እናቴ በቪዚተር ቪዛ አሜሪካ መጥታ ሆዷን አሟት ኢመርጀንሲ ወሰድናት። ኢንሹራንስ የላትም። 11,400 ዶላር ቢል መጣ።

ሮማን፦ ክሬዲት ካርድሽን እንዳታወጪ! ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከሆነ፣ መክፈል ለማይችል ሰው ቢሉን የሚቀንስ ወይም የሚሰርዝ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ሊኖረው በፌዴራል ሕግ ይገደዳል። ፎርሙን ጠይቂ። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ ጀምሮ ለማመልከት 240 ቀን ጊዜ አላችሁ። የሚታየው የእሷ ገቢ ነው ወይስ የአንቺም? የአካባቢው ነዋሪ ላልሆነ ሰው ይሰጣሉ? ይሄ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ፖሊሲውን አንብቢ። ዝርዝር ቢልም ጠይቂ። ሐኪሙና ራጅ ያነበበው ለብቻቸው ቢል ሊልኩ ይችላሉ። ፖሊሲው እነማንን እንደሚሸፍን ዝርዝሩ አለ። ደግሞ በአንቺ ስም ምንም አትፈርሚ።

ዳዊት፦ ምን አስጨነቃችሁ? 7 ዓመት ሲሞላው ይጠፋል።

ሮማን፦ የሚጠፋው ከክሬዲት ሪፖርት ላይ ነው። ዕዳው ሌላ ነው፤ የሚከሰስበት ጊዜ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ሰው አታሳስት።

ኤልሳ፦ ኢንሹራንስ ከሌለን ኢመርጀንሲ ይመልሱናል?

ሮማን፦ አይመልሱም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ መርምረው አደጋ ካለ ማረጋጋት ግዴታቸው ነው። ነፃ ነው ግን አላልኩም።

ሀያት፦ እኔ ሪያድ ነኝ፤ ማዳም ክሊኒክ አልወስድም አለችኝ።

ሮማን፦ የሳዑዲን አሠራር አላውቅም፣ እህቴ። እዚያ ያላችሁ ንገሯት።

ቤቲ፦ እኔው ነኝ ያስተረጎምኩላት። ችግር አለው?

ሮማን፦ አለው! ይሄን ስንት ጊዜ ልበል? እናት በልጇ ፊት የማትናገረው አለ። ደም እንደፈሰሳት ደብቃ «ትንሽ ነው ያመመኝ» ትላለች። ልጅም «ደህና ናት» እያለ ያሳጥረዋል። መዝገብ ስትከፍቱ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። በነፃ ነው፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኟችኋል። እሷ የሚያማትን ቦታ በጣቷ ታሳይ። መቼ እንደጀመራት፣ ስትበላ ይብስባት እንደሆነ በራሷ አፍ ትናገር። ከአገር ቤት ያመጣችውን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ያዙ፤ ዳማከሴም ጠጥታ ከሆነ ተናገሩ።

ዳዊት፦ የእኔ አባት በልጁ አስተርጉሞ ድኗል።

ኤልሳ፦ አባትህ የደበቀህን በምን አወቅክ?

ሰለሞን፦ ቢል መጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሮማን፦ ከላይ አንብብ። የት ስቴት? መቼ? የምን ቢል? ሳትነግረኝ ምን ልመልስልህ?

ቤቲ፦ ሮሚ፣ ስንገባ አንድ ወረቀት የፈረምኩ መሰለኝ።

ሮማን፦ ቅጂውን አስወጪ። «ለሕክምና ፈቅጃለሁ» ከሆነ ችግር የለም። «ክፍያውን እኔ እሸፍናለሁ» የሚል ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከማንም ጋር በስልክ ሳትስማሚ መጀመሪያ አሳዪኝ።

ዳዊት፦ ለማንኛውም አትክፈዪ።

ሮማን፦ ዳዊት፣ እባክህ።