ቅሬታ ጽፎ «እገደዳለሁ» ማለት

ጥያቄ፦ «ለጥገና የሰጠሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቢዘገይብኝ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ‹በአስቸኳይ ካልመለሳችሁልኝ በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ፤ ስማችሁንም በየሚዲያው አጠፋለሁ› ይላል። ወንድሜ ያለዚህ ጥርስ የለውም አለኝ። እኔ ግን ከረረብኝ። ጨዋ ሆኖ የማይልፈሰፈስ አማርኛ እንዴት ይጻፋል?»

መልስ፦ «ስማችሁን አጠፋለሁ» የሚለው ዛሬውኑ ይሰረዝ። ስም ማጥፋት በሕግ አማርኛ የጥፋት መጠሪያ ነው። የደረሰብዎትን እንደደረሰ ለሰው መናገር መብትዎ ሊሆን ይችላል፤ ስም ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ገና ምንም ሳያደርጉ ሊያጠፉ ማሰብዎን በጽሑፍ፣ ያውም በፊርማዎ አረጋገጡላቸው። ነገሩ ወደ ክርክር ቢያመራ ያ ወረቀት የሚጠቅመው እነሱን ነው። ወሬው ስለ ማሽኑ መሆኑ ይቀርና ስለ ዛቻዎ ይሆናል።

ወደ «እገደዳለሁ» ስመጣ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ቃል ለዓመታት ሲያበሳጨኝ የኖረ ነው። ሥሩ ግድ ነው። ግዴታም፣ አስገዳጅም፣ ግድየለሽም ከዚያው ይወጣሉ። ማሽኑን ጠግኖ የመመለስ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ድርጅቱ። «ለመጠየቅ እገደዳለሁ» ሲሉ ግን ግሡ ተደራጊ ሆኖ ግዱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ተገዳጁ እርስዎ ሆኑ፤ ገዳጁ አልተጠቀሰም። መቼ እንደሚገደዱም አልተነገረም። ደብዳቤው ሊያጠነክረው ባሰበው ቦታ ላይ ላላ።

ቃሉን የሚከላከሉ አሉ። «ጨዋነቱ እዚያ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ወዶ ሳይሆን ቸግሮት እንደሆነ ያሳያል» ይላሉ። አልስማማም። ጨዋነት የራስን ውሳኔ በሌላ ማሳበብ አይደለም። ሊያደርጉት ከሆነ «አቀርባለሁ» ይበሉ፤ ካልሆነ ዝም ይበሉ። በእርግጥ ዛሬ የጠበቃ ደብዳቤ ሳይቀር «እገደዳለሁ» ሳይል አይዘጋም። ልማዱ አሸንፏል፤ ስሕተት ነው ልል አልችልም። እኔ ግን ሰው ረቂቁን ባሳየኝ ቁጥር እሰርዘዋለሁ።

ወንድምዎ ጥርስ ያሉት ነገር በአማርኛ ሁለት ስም አለው፤ ዛቻና ማስጠንቀቂያ። ማስጠንቀቂያ ከጠነቀቀ ይወለዳል፤ ግእዙ ማጣራትን፣ በጥንቃቄ ማድረግን ይዟል። ጥንቁቅ ከዚያው ነው። ማስጠንቀቅ ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ቀን፣ የሚወሰደው እርምጃና እርምጃው የሚሄድበት ቦታ። እነዚህ ከሌሉ የቀረው ዛቻ ነው። መለያው ቀላል ነው። የጻፉት ቀን ባለፈ ማግስት ያሉትን በእርግጥ ያደርጉታል? የማያደርጉት ከሆነ አይጻፉት። ቀኑ አልፎ ዝም ካሉ ሁለተኛውን ደብዳቤዎን የሚያምን የለም።

የእርስዎን ጉዳይ ይዘን እንሞክረው። ቀኖቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ሞልቻቸዋለሁ፦

«መስከረም 4 ቀን ከእናንተ የገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። ውኃ ማስወጣት ስላቆመብኝ ኅዳር 11 ቀን ለጥገና አስረከብኩ፤ በ10 ቀን እንደሚያልቅም ተነገረኝ። ኅዳር 23 እና ኅዳር 30 ቀን ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ የሚያልቅበት ቀን አልተነገረኝም። ዛሬ ታኅሣሥ 6፣ ካስረከብኩ 25 ቀን ሆኗል። ማሽኑን ጠግናችሁ እስከ ታኅሣሥ 16 ቀን እንድታስረክቡኝ፣ መጠገን የማይችል ከሆነም በሌላ እንድትቀይሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የግዢ ደረሰኙንና ማሽኑን ስሰጥ የተቀበልኩትን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ።»

እዚህ ውስጥ ንቀት፣ ማጭበርበር፣ ግዴለሽነት የሚል ቃል የለም። ንቀት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ማስረጃ ሊያቀርቡበት አይችሉም። ሁለት ጊዜ ደውሎ ቀን ማጣት ግን ይቆጠራል። ደብዳቤውን የሚያነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽኑን ያዘገየው ሰው አይደለም። ከተሰደበ ራሱን ይከላከላል። ቀኖቹን ካገኘ ግን መዝገቡን ገልጦ ያመሳክራል። ቀን ሲሳሳቱ ሙሉ ደብዳቤው ስለሚጠረጠር ከመላክዎ በፊት ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩት።

«ስላቆመብኝ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አማርኛ ጉዳትን በዚያች በ«ብኝ» ይናገራል። «ዘገየብኝ»፣ «ተበላሸብኝ» ስንል የተጎዳው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማንም ግን አልተወነጀለም። «አበላሻችሁብኝ» ከሆነ ግን ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማሽኑ እዚያ ሳለ መበላሸቱን የሚያሳይ ወረቀት በእጅዎ ከሌለ በ«ተበላሸብኝ» ይቆዩ።

የጥያቄው ግሥ ላይም ይጠንቀቁ። «ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል» ብዙ ሰው ጨዋ መስሎት የሚጽፈው ነው። «ብ» ግን ምኞት ነው፤ ባይመልሱም ደስታዎ ቀረ እንጂ የጠየቁት ነገር አልተከለከለም። «ትመልሱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ»ም ያው ነው። «እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ» ሲሉ መልሱ ወይ እሺ ወይ እምቢ ይሆናል። ጥብቅነቱ ያለው እዚህ «እንድ» ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ከመጀመሪያው ደብዳቤ ያስቀረሁት ለዚህ ነው። ቀኑ ራሱ ይናገራል። ታኅሣሥ 16 ያለ መልስ ካለፈ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «እስከ ታኅሣሥ 26 ቀን መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን የሸማቾችን ቅሬታ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ።» ታኅሣሥ 27 ጠዋት ያቅርቡ። ብዙ ሰው ከዚህ በታች «ለሚደርስባችሁ ጉዳት ኃላፊነት አልወስድም» ይጨምራል። ይህ የባሰ ነው። ማንም ኃላፊ ነዎት ሳይልዎት ምን ሊያደርሱባቸው ነው?

አሁን «በአክብሮት» ያልኩትን ላስረዳ፤ «በትሕትና» ለምን አላልክም የሚል አይጠፋም። ትሕትና ከግእዙ ታሕት ነው፤ የእኛ «ታች» የወጣው ከዚያ ነው። በሐመሩ ሐ መጻፉም ለዚሁ ነው። ትሕትና ማለት ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። አክብሮት ግን ከከበረ መጥቶ ሌላውን ከፍ ያደርጋል፤ እርስዎን ከቆሙበት አያወርድም። መብቱን የሚጠይቅ ሰው ራሱን ዝቅ ሳያደርግ ሌላውን ማክበር ይችላል። የደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምሩ ሰዎች «በትሕትና አመለክታለሁ»ን ግድ ሲሉ የምከራከረው በዚህ ነው።

ሆኖም አንባቢ ዛሬ «በትህትና»ን ሲያነብ «ታች»ን አይሰማም፤ በሃሌታው ሀ ሲጽፈውማ ሥሩም ተሰውሯል። ቃሉ ተራ የወግ ቃል ሆኗል፤ ደብዳቤዎን አያዳክምም። ከወደዱት ይተዉት። ብቻ አንድ ወረቀት ላይ በ«ትሕትና» ጀምረው በ«እገደዳለሁ» አይዝጉት። ድርጅቱን በ«እናንተ» ከጀመሩም እስከ መጨረሻው «እናንተ» ይሁን፤ ለሥራ አስኪያጁ በግል ከጻፉ ደግሞ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ»።