መልስ፦ የጎማው ብራንድና ዕድሜ

«ድሬዳዋ አንድ ቪትዝ አይቻለሁ። ሻጩ ጎማው ገና ነው ይላል፤ ብራንዱ ግን የተደባለቀ ነው። ያሳስባል?»

ወንድሜ፣ የፊቶቹ አንድ ዓይነት፣ የኋላዎቹ ሌላ ዓይነት ከሆኑ ችግር የለውም። የፊት ግራና ቀኝ ከተለያዩ ግን አንዱ ለብቻው ተቀይሯል፤ ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ።

ከዚያ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ የታተመውን አራት አሃዝ ፈልግ። በውጭ በኩል ካጣኸው በውስጥ በኩል ይኖራል። 2317 ማለት በፈረንጆች 2017፣ 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በድሬ ሙቀት ይደርቃል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህ «ገና ነው» የሚለውን አትቀበል።

ዋናው ግን አበላሉ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙርና የፊት ጎማዎቹን ውስጠኛ ጠርዝ በእጅህ ዳብስ። ሁለቱም እኩል ከተበሉ ብዙ ጊዜ አላይመንት ይበቃዋል። አንዱ ብቻ ከተበላ ግን መኪናው ተጋጭቶ ወይም ጉድጓድ መትቶ እግሩ ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋ ሳትነጋገር መካኒክ ከሥር ይየው።

እግሩ ደህና ከሆነ ጎሚስታ ቤት የአራት ጎማ ዋጋ ጠይቀህ ሂድና ያንኑ ከመኪናው ዋጋ እንዲቀንስልህ ተከራከር። ስኮርታውንም ማየት አትርሳ።