ቶከኑ የአንተ ነው፤ ኢንቮይሱስ የማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። ለነጋዴዎች ኢንቮይስ የሚያወጣ ሲስተም ባክኤንዱን የምሠራው እኔ ነኝ። ኤፒአያችን ያለ ቶከን ለማንም አይመልስም፤ የደኅንነት ስካነርም አስሩጠንበት ምንም አላገኘም። ደንበኛችን የቀጠረው ቴስተር ግን የሌላ ድርጅት ኢንቮይስ አየሁ ብሎ ሪፖርት ላከ፤ እንዴት እንዳየው አልገባኝም። የኢንቮይስ ቁጥሮቹን ወደ ዩዩአይዲ ብንቀይራቸው ይበቃል? ቀሪውንስ ራሴ እንዴት ልፈትሽ?»

አይበቃም ወንድሜ። ዩዩአይዲ ቁጥሩን መገመት ከባድ ያደርገዋል እንጂ ጠያቂው ባለቤቱ መሆኑን አያጣራም። መለያው ደግሞ ተደብቆ አይኖርም፤ በኢሜይል በተላከ ሊንክ፣ በሌላ ኢንድፖይንት መልስ ወይም ሰው ባጋራው ስክሪንሾት ይወጣል። መቀየሩ ክፋት የለውም፤ ብቻ ለቴስተሩ «ተስተካክሏል» ብለህ እንዳትመልስለት።

ስካነሩ ዝም ያለው ሥራው ስላልሆነ ነው። ትክክለኛ ቶከን ልኮ 200 እና የተስተካከለ ጄሰን ሲመለስለት ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል፤ ያ ኢንቮይስ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ማን ነግሮት? ይህ ጉድለት፣ ማለት የገባው ሰው የጠየቀው ነገር የራሱ መሆኑን አለማጣራት፣ BOLA የሚባለው ነው፤ የቆዩት ሰዎች IDOR ይሉታል። የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2019ም በ2023ም ባወጣቸው የኤፒአይ ስጋቶች ዝርዝሮች ላይ 1ኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ላይ የተገለጠውም ይኸው ነበር፤ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው ገብቶ የሌሎችን ተጠቃሚዎች መረጃ መጠየቅ ይችል ነበር፤ የተጋለጡት ተጠቃሚዎች 60 ሚሊዮን ገደማ እንደነበሩ ተዘግቧል። እዚያም ሎግኢኑ በትክክል ይሠራ ነበር።

ቴስተሩ የሚሠራው በሁለት አካውንት ነው። አንተም በቴስት ሰርቨርህ ላይ እንደዚያው አድርግ፦ ሁለት ድርጅት ክፈት፣ ለየብቻቸው ተጠቃሚ ስጣቸው። የመጀመሪያው ድርጅት 41 ይሁን፣ ኢንቮይሱ 7730፤ ሁለተኛው 58፣ ኢንቮይሱ 9003። በሁለተኛው ኢንቮይስ ላይ የትም የማይገኝ ዕቃ ጻፍበት፣ ለምሳሌ «ሰማያዊ ባልዲ 17 ፍሬ»። ኋላ ብዙ መልስ ስታገላብጥ ባልዲዋን ካየህ የማን ዳታ እንደወጣ ወዲያው ታውቃለህ። ከዚያ ሪኩዌስት ይዞ ለማየትና ለመቀየር በሚያገለግለው በበርፕ ስዊት ውስጥ የሁለተኛውን ተጠቃሚ ሪኩዌስት ደግሞ ወደሚልከው ሪፒተር ላክና ቶከኑን ብቻ በመጀመሪያው ተካው፦

```
GET /api/v1/companies/58/invoices/9003
Authorization: Bearer TOKEN_1
```

ከነገርከኝ ስነሳ እዚህ ላይ 403 የሚመለስልህ ይመስለኛል፤ አንተም እስከዚህ ፈትሸህ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ጎበዝ ቴስተር ግን አድራሻው ውስጥ ሁለት መለያ እንዳለ ያያል። አንደኛውን የራሱ አድርጎ ሁለተኛውን ብቻ የሰው ያደርገዋል፦

```
GET /api/v1/companies/41/invoices/9003
Authorization: Bearer TOKEN_1
```

200 ከነባልዲዋ ከመጣ ጉዳዩ ተገኘ ማለት ነው። ኮድህ «ይህ ሰው የ41 አባል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነው፣ ያልፋል። ቀጥሎ 9003ን ከዳታቤዝ በመለያው ብቻ ያወጣል፤ ኢንቮይሱ የ41 መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ መስመር የለም። ኮዱን ላነበበ ሰው ፍተሻ ያለ ይመስላል፣ በእርግጥም አለ፤ ግን የተፈተሸው ድርጅቱ ነው እንጂ ኢንቮይሱ አይደለም። መፍትሔው ባለቤትነቱን ጥያቄው ውስጥ ማስገባት ነው፦

```
SELECT * FROM invoices
WHERE id = $1 AND company_id = $2
```

`$2` አባልነቱ ቀድሞ የተረጋገጠው ድርጅት መሆን አለበት፤ ከሪኩዌስቱ ቦዲ የተነሣ ቁጥር ከሆነ ጠያቂው ራሱ የፈለገውን ይጽፍበታል። ረድፍ ካልተገኘ 404 መልስ። ለሌለው 404፣ ለሰው ንብረት 403 የምትመልስ ከሆነ የትኛው ቁጥር በእውን እንዳለ ለጠያቂው እየነገርከው ነው።

አሁን ይህን አንድ መስመር አስተካክለህ አትረፍ። አንድ ኢንቮይስ በብዙ በር ይደረስበታል፦ ፒዲኤፍ ማውረጃው፣ በኢሜይል መላኪያው፣ ማስተካከያው፣ መሰረዣው፣ አሮጌው የሞባይል አፕ አሁንም የሚጠራው ኢንድፖይንት። በእኔ ልምድ GET ተዘግቶ ፒዲኤፉ ክፍት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ፋይል የሚያወጣው ኮድ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ የጻፈው ነውና። ብዙ መለያ ባንድ ጊዜ የሚቀበል ኢንድፖይንት ካለህ ደግሞ የራስህንና የሰውን ቀላቅለህ `[7730, 9003]` ብለህ ላክ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ፈትሾ ሌላውን የሚያሳልፍ ኮድ አለ።

PATCH እና DELETE ላይ የመልሱን ቁጥር አትመን። ሰርቨሩ መጀመሪያ ሰርዞ መልሱን ሲያዘጋጅ 403 ሊል ይችላል፤ ወይም 200 ብሎ ምንም ያልነካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሪኩዌስቱን ከላክህ በኋላ በሁለተኛው አካውንት ገብተህ ባልዲዋ አሁንም 17 ፍሬ መሆኗን እይ። GET ላይም ቢሆን 200 ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ አንዳንድ ኤፒአይ ስሕተቱን ራሱ በ200 ጠቅልሎ ይልካል፣ ቦዲውን አንብብ። ይህን ሁሉ በቴስት ሰርቨር፣ በራስህ ሁለት አካውንት ብቻ ሥራው፤ የእውነተኛ ደንበኛ መለያ ተጠቅሞ መሞከር ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ኢንድፖይንቱ ብዙ ከሆነ Autorize የሚባለው የበርፕ ኤክስቴንሽን ድካም ይቀንሳል። በሁለተኛው አካውንት አፑን ስትጠቀም እያንዳንዱን ሪኩዌስት በመጀመሪያው ቶከን፣ እንዲሁም ያለ ቶከን ደግሞ ይልክና መልሶቹን ያነጻጽራል። `Bypassed!` ያለውን አንድ በአንድ ክፈተው፤ የአገሮች ዝርዝርን የመሰለ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነገርም እዚያው ይገባልና። ዋናው ድክመቱ ግን ሌላ ነው፦ አድራሻውን እንዳለ ነው የሚደግመው። 58ን ከነ9003 ይልካል፣ 403 ያገኛል፣ `Enforced!` ብሎ አረንጓዴ ያሳይሃል። የአንተን ጉድለት የያዘውን ድብልቅ፣ ማለት 41ን ከ9003 ጋር፣ በራሱ አይሞክርም። መለያ ሁለት ጊዜ የሚታይባቸውን አድራሻዎች ለይተህ በእጅህ ሞክራቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን ድብልቅ 404 እንዲጠብቅ አድርገህ አውቶማቲክ ቴስትህ ውስጥ ጻፈው፣ ነገ አዲስ ኢንድፖይንት የሚጨምር ሰው እንዲጠነቀቅ።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ። ቴስተሩ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን በምን ታውቃለህ? የሰርቨር ሎግህ አድራሻውን የሚይዝ ከሆነ ከእያንዳንዱ የተሳካ ሪኩዌስት የድርጅቱንና የኢንቮይሱን ቁጥር አውጣና ከ`invoices` ሠንጠረዥ ጋር አስተያየው። አድራሻው ላይ ያለው ድርጅት ሠንጠረዡ ላይ ካለው `company_id` የሚለይበት እያንዳንዱ መስመር የሰው ኢንቮይስ የተከፈተበት ነው። ይህን ፍለጋ ሎጉ ጊዜው አልፎ ከመጥፋቱ በፊት፣ ጥገናውን እንኳ ሳትጨርስ ሥራው።