ወለዱ ለምን ወለል አልሆነም?

«በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነኝ። በአንድ ባንክ የቃል ፈተና ላይ፣ ባንኮች በማዕከላዊ ባንክ የሚያስቀምጡት ገንዘብ፣ ማለትም መጠባበቂያ፣ በተትረፈረፈበት ጊዜ ማዕከላዊ ባንክ ለዚያ ገንዘብ ለባንኮች ወለድ መክፈሉ ምን እንደሚጠቅም ተጠየቅሁ። ‹የገበያው ወለድ ከዚያ በታች እንዳይወርድ› ብዬ መለስኩ። ‹ታዲያ በአሜሪካ ለምን ወረደ?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። ምን ማለት ነበረብኝ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ መልስዎ ስህተት አልነበረም፤ የጎደለው፣ ወለሉ የማን ወለል እንደሆነ መለየቱ ነው።

መጠባበቂያ ሲያንስ ማዕከላዊ ባንክ መጠኑን በጥቂቱ እየጨመረና እየቀነሰ ባንኮች የሚበዳደሩበትን ወለድ ይመራል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ቀውስ በኋላ ግን የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ቦንድ በገፍ ስለገዛ መጠባበቂያው በዝቶ፣ ጥቂት መጨመርም መቀነስም ዋጋውን የማይነካው ሆነ፤ በእጁ የቀረው ዋና መሣሪያ በዚያው ዓመት በኦክቶበር መክፈል የጀመረው ወለድ ነበር።

አጋሮ ላይ አንድ የቡና ማኅበር ከአባላቱ ብቻ ማንኛውንም መጠን በኪሎ በ200 ብር ይገዛል እንበል። አባል የሆነ ሰው ከ200 በታች አይሸጥም። አባል ያልሆነው ገበሬ ግን ወደ ማኅበሩ መግባት ስለማይችል፣ አንዱ አባል በ190 ገዝቶት ለማኅበሩ በ200 ያስረክባል። በአሜሪካ እንዲህ በር ላይ የቀሩት የቤት ብድር ተቋማቱ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ እንዲሁም የፌዴራል የቤት ብድር ባንኮች ነበሩ፤ በፌዴራል ሪዘርቭ ሒሳብ ቢኖራቸውም ወለድ እንዲከፈላቸው ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ገንዘባቸውን ለባንኮች ከ0.25 በመቶ በታች ያበድሩ ነበር። ባንኮች ተሻምተው ልዩነቱን ያልዘጉት፣ ተበድሮ ሀብትን ማሳበጥ የካፒታል መስፈርትና የተቀማጭ መድን ክፍያ ስለሚያስከትል ነው። ፈታኞቹ የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል።

መፍትሔው ወለድ ለማያገኙትም መስኮት መክፈት ሆነ፤ ይህም ቦንድ በመያዣነት ሰጥቶ ገንዘባቸውን ለአንድ ሌሊት መቀበል ሲሆን፣ ሪቨርስ ሪፖ ይባላል። በዲሴምበር 2015 ለባንኮች 0.50፣ በዚህ መስኮት 0.25 በመቶ ተከፈለ፤ የገበያው ወለድም በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ዋለ።

ሥርዓቱ የሚሠራው ግን መጠባበቂያው እስከበዛ ድረስ ነው። በሴፕቴምበር 2019 መጠባበቂያው ከ1.4 ትሪሊዮን ዶላር በታች ሲወርድ፣ ለባንኮች የሚከፈለው 2.10 በመቶ ሆኖ ሳለ የገበያው ወለድ 2.30 ደረሰ፤ የታለመው ጣሪያ ራሱ 2.25 ነበር። እጥረት መቃረቡ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፦ ከታች የነበረው የገበያ ወለድ ወደ ተከፋዩ ይጠጋል፣ ከዚያም ያልፈዋል።

ጥያቄው ወደ አገራችን ከዞረ፣ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ሲያደርግ የአንድ ሌሊት ተቀማጭ መስኮቱን ሦስት ነጥብ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጡን ያንሱ። ለልምምድ ደግሞ ከFRED ድረ ገጽ EFFR የተባለውን የገበያ ወለድና IORB የተባለውን ለባንኮች የሚከፈል ወለድ በአንድ ግራፍ ላይ ያውጡ፤ IORB የሚጀምረው በጁላይ 2021 ስለሆነ ለ2019ኙ IOER የተባለውን ይጠቀሙ።